ኦቫል፣ ኤመራልድ ወይስ ኩሽን? በወረቀት እኩል የሆኑ ሦስት አልማዞች በዓይን ለምን ተለያዩብኝ?

የፒያሳ ልጅ (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ። ለሠርጌ ቀለበት የሚሆን አልማዝ እየፈለግሁ ነው። ድንጋዩን የምትገዛልኝ ዱባይ የምትሠራው የአክስቴ ልጅ ስትሆን፣ ቀለበቱን ግን እዚሁ ደሴ አንጥረኛ ዘንድ እናሠራዋለን። የአክስቴ ልጅ ዴይራ ከሚገኘው የወርቅ ገበያ ሦስት ድንጋዮች መርጣ አልማዝ መርምሮ ደረጃ ከሚሰጠው ከጂአይኤ የተሰጠውን የእያንዳንዳቸውን ወረቀትና አጭር ቪዲዮ ልካልኛለች። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው።

የመጀመሪያው ኦቫል ነው፤ 1.01 ካራት፣ 7.9 በ5.6 ሚሊ ሜትር። ሁለተኛው ኤመራልድ ቁርጥ ነው፤ 1.02 ካራት፣ 6.9 በ5.0 ሚሊ ሜትር። ሦስተኛው ኩሽን ነው፤ 1.01 ካራት፣ 5.8 በ5.6 ሚሊ ሜትር። የሦስቱም የጥራት ደረጃ ኤስአይ1 ነው። ቀለማቸው የሁለቱ ጂ፣ የኩሽኑ ደግሞ አንድ እርከን ወደ ቢጫ የሚቀርበው ኤች ነው።

ግራ ያጋባኝ ነገር ይህ ነው። ደረጃቸው አንድ ሆኖ ሳለ የኤመራልዱን ጉድፍ በስልኬ ቪዲዮ ላይ እንኳ አየሁት፤ በኩሽኑ ውስጥ ግን ምንም አላገኘሁም። በኦቫሉ መሐል ደግሞ ከግራና ከቀኝ ጥቁር ጥላ ይታየኛል። ይህ ጥላ ጉድፍ ነው ወይስ ሌላ ነገር? ደግሞስ ወረቀቱ የአቆራረጥ ደረጃ የሚባለውን ለምን አልጻፈም? የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ በጣም አመሰግናለሁ።

---

ድንጋይ ጠራቢ (ወገል ጤና)

ወንድሜ፣ እኔ በደላንታ ኦፓል ከሚጠርቡት አንዱ ነኝ፤ ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አካባቢያችን በዚህ ድንጋይ ሲታወቅ በእጄ ያላለፈ ዓይነት የለም ማለት እችላለሁ። ከልምዴ የምነግርህ፣ የድንጋይ ውበት የሚመጣው ከራሱ ከድንጋዩ ውስጥ መሆኑን ነው። ጥሩ ኦፓል ቀይና አረንጓዴ እሳቱን ከሆዱ ያወጣል፤ እኛ የምንሠራው ጀርባውን አለስልሰን ያንን እሳት ወደ ላይ ማዞር ብቻ ነው። መሐሉ ላይ ጥቁር የሚታይበት ድንጋይ ውስጡ ቆሻሻ አለበት ማለት ነው። ስለዚህ ኦቫሉን እንዳትገዛ እመክርሃለሁ።

ስለ ኤመራልዱ ግን ትክክል ነህ። ገጹ ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነ ድንጋይ ምንም አይሸፍንም። እኛም ስንጥቅ ያለበትን ኦፓል ሰፊ ጠፍጣፋ አድርገን አንጠርበውም።

---

ሐይቅ ዳር

ይቅርታ ይደረግልኝና አንድ ነገር አልገባኝም። ኤመራልድ ማለት መረግድ አይደለም? መረግድማ ጉጂ ውስጥ ሻኪሶ ይወጣ የለም ወይ? የአገራችንን አረንጓዴ ድንጋይ ትተህ ከዱባይ የምታስመጣበት ምክንያት ምንድን ነው? ደግሞም መረግድ ጉድፍ ያለበት መሆኑ የታወቀ ስለሆነ አንድ ነጠብጣብ ስላየህ ልትጨነቅ አይገባም።

---

ከኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁ። ዱባይ በነበርኩበት ጊዜ ለረጅም ዓመታት በአንድ የአልማዝ ነጋዴ ቢሮ ውስጥ ድንጋይ በመለየት ሥራ ላይ ነበርኩ። ዕለት ተዕለት የምሠራው በትክክል ይህንኑ፣ በወረቀት እኩል የሆኑትን በዓይን መለየትን ነበር፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትቀየሙኝ።

በመጀመሪያ ለሐይቅ ዳር። እዚህ የተጠየቀው ስለ አረንጓዴው መረግድ አይደለም፤ ድንጋዩ አልማዝ ነው፤ ኤመራልድ የቅርጹ ስም ነው። መረግድ ማዕዘኑ ቶሎ የሚሰበር በመሆኑ ጠራቢዎች አራት ማዕዘን አድርገው ጫፎቹን ይቆርጡት ነበር፤ ያ ቅርጽ ወደ አልማዝ ሲዛወር ስሙን ይዞ መጣ። መረግድ ላይ ጉድፍ በይቅርታ ይታለፋል፤ በአልማዝ ላይ ግን፣ በተለይ በዚህ ቅርጽ፣ አይታለፍም።

ቀጥዬ ለጋሼ ድንጋይ ጠራቢ፣ በአክብሮት ነው የምናገረው። ስለ ኦፓል የጻፉት ልክ ነው፤ የኦፓል ቀለም የሚመጣው በውስጡ ተደርድረው ካሉት እጅግ ጥቃቅን የሲሊካ እንክብሎች ነው፤ ስለዚህ እውነትም ከሆዱ ይወጣል። አልማዝ ግን በራሱ ምንም የሚያወጣው እሳት የለም። ያልተጠረበ አልማዝ መሬት ላይ ቢያገኙት የደበዘዘ ብርጭቆ ይመስልዎታል። ብርሃን በላይኛው ገጽ ይገባል፤ ከታች ያሉትን ገጾች ሲመታ፣ ገጹ ላይ ቀጥ ብሎ ከሚቆመው መስመር ከ24 ዲግሪ ተኩል ገደማ በላይ ያጋደለ ከሆነ ማለፍ አይችልም፤ ተመልሶ ወደ ሌላኛው ገጽ ይሄዳል፤ ከዚያም ወደ ዓይናችን ይወጣል። ከዚያ በታች ካጋደለ ግን በታች ሾልኮ ይጠፋል። ብልጭታው ሁሉ የገጾቹ ማጋደል ውጤት ነው። ሦስቱ ቅርጾች የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ኦቫሉ ጥላ እንምጣ። ነገሩ ጉድፍ አይደለም። በንግዱ ዘንድ ቦው ታይ ይሉታል፤ ክንፉን እንደ ዘረጋ ቢራቢሮ በድንጋዩ አጭር ወገብ ላይ ከግራና ከቀኝ ይታያል። ክብ አልማዝ ዙሪያውን አንድ ስለሆነ ከታች ያሉት ገጾች ሁሉ አንድ ዓይነት ማጋደል ሊኖራቸው ይችላል። ኦቫል ግን በአንድ በኩል 7.9፣ በሌላው 5.6 ስለሆነ፣ ሁሉም ገጽ አንድ ጫፍ ላይ እንዲገናኝ ከተፈለገ በረጅሙ በኩል ያለው ገጽ ዝቅ ብሎ፣ በአጭሩ በኩል ያለው ደግሞ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። በዚህ ልዩነት ምክንያት በመሐሉ ያሉት ገጾች ብርሃንን የሚቀበሉት ከቀጥታ በላይ ነው። ከቀጥታ በላይ ያለው ግን የእርስዎ የራስዎ ጭንቅላት ነው! ድንጋዩ የሚያሳይዎት የራስዎን ጥላ ነው። በቪዲዮ ላይ ደግሞ ካሜራው በጭንቅላት ቦታ ይቆማል፤ ስለዚህ ጥላው በቪዲዮ ከእውነተኛው ይብሳል።

እንዴት ይለያል ብትለኝ፣ ለአክስትህ ልጅ ይህን ንገራት። ድንጋዩን በነጭ ወረቀት ላይ፣ በመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ቦታ ታስቀምጠው። ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቃ ትመልከተው፤ ከዚያ ድንጋዩን ቀስ ብላ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ታዘንብለው። ጥላው ብርሃን እየሆነ፣ መልሶ እየጨለመ፣ ቦታ እየተለዋወጠ ከሄደ ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም ያ መፈራረቅ ነው ድንጋዩን ሕያው የሚያስመስለው። በየትኛውም አቅጣጫ ቢዘነበል እንደ ጠቆረ የሚቀር ከሆነ ግን አቆራረጡ ተበላሽቷል፤ እዚያው ይተውት። ጉድፍ በበኩሉ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ በአንድ ወገን ብቻ ይሆናል፣ ከድንጋዩ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ ወደ ብርሃንነትም አይለወጥም።

ስለ አቆራረጥ ደረጃ የጠየቅኸው መልሱ አጭር ነው። ጂአይኤ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአቆራረጥ ደረጃ በወረቀቱ ላይ የሚጽፈው ለክቡ ብሪሊያንት ነው። በአንተ ወረቀቶች ላይ ያለው የልስላሴና የተመጣጣኝነት ደረጃ ብቻ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ እጅግ በጣም ጥሩ ቢባሉም ድንጋዩ በመሐሉ ጨልሞ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ክብ ባልሆነ፣ ፋንሲ በሚባለው ቅርጽ ላይ ዓይን የግድ ነው።

---

የፒያሳ ልጅ (ደሴ)

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥላው የካሜራው መሆኑን በጭራሽ አልገመትኩም ነበር። አሁን የቀረኝ የኤመራልዱና የኩሽኑ ጉዳይ ነው። ሁለቱም ኤስአይ1 ናቸው፤ ታዲያ አንዱ ለምን ተጋለጠ? መዳቢው ተሳስቶ ይሆን?

---

የወልድያዋ

ይህን ጥያቄ ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ እኔ ራሴ ያለፍኩበት ስለሆነ። ዐረብ አገር ሠርቼ ስመለስ በገዛ ገንዘቤ የገዛሁት ቀለበት ኤመራልድ ቁርጥ ነው። ሱቁ ውስጥ ከጣሪያው በሚወርዱት ትንንሽ ኃይለኛ መብራቶች ሥር ሳየው እንደ ውሃ የጠራ ነበር። ሻጩ ሰፊ ነጭ ብልጭታውን እያዞረ አሳየኝ፤ ወረቀቱንም ሰጠኝ፤ የጥራት ደረጃው ኤስአይ2 ነበር፤ እኔ ግን ያ ፊደል ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ወልድያ ገብቼ ጠዋት በረንዳ ላይ ቡና ስጠጣ እጄን ዘርግቼ አየሁት። ከመሐሉ ትንሽ ወጣ ብሎ አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች። ዘንበል ሳደርገው ሁለት ሆነች፤ ሌላ ጎን ሳደርገው ሦስት ሆነች። ብዙ ጉድፍ ያለበት መስሎኝ በጣም አዘንኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀለበቱን ባየሁ ቁጥር ድንጋዩን ሳይሆን ነጥቧን ነው የማየው። ብልጭታው ጥሩ አይደለም አልልም፤ ማታ በሻማ ብርሃን ሲታይ ግርማው ልዩ ነው። ግን ወንድሜ፣ በቪዲዮ ገና ሳትገዛው ያየኸው ጉድፍ ከገዛኸው በኋላ አይጠፋልህም።

---

ከኮምቦልቻ

እቴ የወልድያዋ፣ ያየሻቸው ሦስት ነጥቦች በእርግጥም አንዲት ጉድፍ ልትሆን ትችላለች፤ ለዚህ ወንድማችን የምሰጠውም መልስ ያው ነው።

መዳቢው አልተሳሳተም። የጥራት ደረጃ የሚሰጠው አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር የሚታየውን በመመዘን ነው፤ የጉድፉ መጠን፣ ብዛት፣ ቦታ፣ ዓይነትና ቀለም ይታያል። ኤስአይ1 ማለት የሠለጠነ ሰው በዚያ መነጽር ጉድፉን በቀላሉ ያገኘዋል ማለት ነው። ያለ መነጽር ይታያል ወይም አይታይም የሚለውን ግን ደረጃው በቀጥታ አይመልስም። ይህን የሚመልሰው ቅርጹ ነው።

ኤመራልድ ቁርጥን እንደ መወጣጫ ደረጃ አስቡት። ገጾቹ ረጃጅምና እርስ በርሳቸው ትይዩ ናቸው፤ በጠርዙ ዙሪያ እንደ እርከን ይወርዳሉ። በወሎ ተራራ ላይ የተሠራ እርከን ያየ ሰው ቅርጹ ወዲያው ይገባዋል። አናቱ ላይ ያለው ጠፍጣፋ ገጽ ሰፊ ነው፤ እንደ ክፍት መስኮት ወደ ውስጥ ያሳያል። ከታች ያሉት ትይዩ ገጾች ደግሞ እርስ በርስ እንደሚተያዩ መስተዋቶች ናቸው። በሁለት መስተዋት መካከል አንድ ሰው ቢቆም ብዙ ሰው እንደሚታይ ሁሉ፣ በመሐል ወደ ታች ጠልቃ ያለች አንዲት ጉድፍ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሆና ትታያለች። ብልጭታው ትልቅ፣ ዝግ ያለና ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ በሰፊ ገጽ ስለሚመጣ ዓይን እያንዳንዱን ለይቶ ያየዋል። ጉድፉም ከዚያው ከሰፊው ገጽ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ የሚሸሸግበት ግርግር የለም።

ኩሽን የዚህ ተቃራኒ ነው። ማዕዘኑ የተጠጋጋ፣ ትራስ የሚመስል ቅርጽ ነው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ገጾቹ ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖችና ሰያፍ አራት ማዕዘኖች ሆነው በብዙ አቅጣጫ ይሰባበራሉ። በተለይ ወረቀቱ ላይ ኩሽን ሞዲፋይድ ብሪሊያንት ተብሎ ከተጻፈ ከታች ተጨማሪ ተራ ገጾች አሉት ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም የተፈጨ በረዶ ይመስላል። እልፍ ትንንሽ ብልጭታ በየቦታው ስለሚፈነጥቅ ዓይን አንድ ቦታ አያርፍም፤ ያው ጉድፍ በግርግሩ መካከል ይጠፋል። ስለዚህ ነው በቪዲዮው ላይ ያላየኸው። ኦቫል ጫፎቹ ላይ ጉድፍ በደንብ ይሸፍናል፤ በመሐሉ፣ በተለይ ቦው ታዩ ባለበት አካባቢ ግን እንደ ኩሽኑ አይሸፍንም።

እኔ በሥራዬ ላይ ለራሴ ያወጣሁት ልማድ ነበር። ኤመራልድ ቁርጥ ከሆነ ከኤስአይ1 አንድ ደረጃ ከፍ ከሚለው ከቪኤስ2 በታች ያለውን ድንጋይ በአካል ሳላይ አልቀበልም ነበር፤ በመሐሉ ጥቁር ክሪስታል፣ ማለትም በውስጡ የታሰረ የማዕድን ቅንጣት፣ ካለበት ደግሞ ቪኤስ2 ራሱ ያጠራጥረኝ ነበር። ኦቫልና ኩሽን ላይ ግን ብዙ ንጹሕ የሚመስሉ ኤስአይ1 ድንጋዮችን አሳልፌአለሁ።

አሁን ወረቀቶቹን እንደገና ክፈታቸው። በጂአይኤ ሙሉ ወረቀት ላይ የድንጋዩ ሥዕል አለ፤ በቀይ የተሣለው የውስጥ ጉድፍ፣ በአረንጓዴ የተሣለው የላይ ገጽ ጭረት ነው። ከሥዕሉ ጎን ያለውን ዝርዝርና ከሥር ያለውን የማስታወሻ መስመር ጻፍልኝ።

---

የፒያሳ ልጅ (ደሴ)

እንዳሉት አድርጌአለሁ። በኦቫሉ ሥዕል ላይ ክሪስታልና መርፌ የሚሉ አሉ፤ ትልቁ ክሪስታል ወደ አንዱ ሹል ጫፍ ተጠግቷል። በኤመራልዱ ላይ ክሪስታል፣ ላባ የሚሉ አሉ፤ ክሪስታሉ ከአናቱ ጠፍጣፋ ሥር ከመሐል ብዙም ሳይርቅ ነው፤ ላባው ደግሞ አንዱ ማዕዘን ላይ ነው። በኩሽኑ ሥዕል ላይ ግን ሁለት ትናንሽ መርፌዎች ብቻ ናቸው ያሉት። ከሥር ያለው ማስታወሻ የጥራት ደረጃው የተመሠረተው በሥዕሉ ላይ ባልታዩ ደመናዎች ላይ ነው ይላል። ሥዕሉ ባዶ ስለሆነ ኩሽኑ ከሁሉም የጠራው ይመስለኛል። ተሳስቻለሁ?

---

ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ሦስቱም ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ ያ ባዶ ሥዕል ነው።

ደመና የሚባለው እጅግ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ተሰባስበው የሠሩት ጉም ነው። አንዳንዱ ደመና ትንሽና በአንድ ቦታ የተወሰነ ስለሆነ ምንም ጉዳት የለውም። ሥዕሉ ላይ ሊሣል ያልቻለ ደመና ግን ሰፊ ስለሆነ ወይም በየቦታው ስለተበተነ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱም ደረጃውን ወደ ኤስአይ1 ያወረደው ይኸው ደመና ነው ብሎ ራሱ ነግሮሃል። እንዲህ ያለ ድንጋይ አንድ ነጥብ ፈልገህ አታገኝበትም፤ ሲታይ ግን ጠዋት በጦሳ ተራራ ላይ እንደሚተኛው ጉም ዓይነት ነገር በላዩ ላይ ያለ ይመስላል። ብልጭታው አለ፤ ጥራቱ ግን ይደበዝዛል።

የተፈጨ በረዶ የሚመስል ኩሽን ደግሞ ይህን ድብዘዛ በጣም ይሸፍናል፤ ምክንያቱም ከመጀመሪያውም በጥርት የሚታይ ትልቅ ገጽ የለውም። ነጥብ ለሚፈልግ ዓይን ኩሽን ደግ ነው፤ ጉም ላለበት ድንጋይ ግን አሳሳች ነው። የአክስትህ ልጅ ሻጩን ያው ክብደትና ያው ቀለም ያለው፣ ጥራቱ ቪኤስ1 የሆነ ኩሽን ትጠይቀውና ሁለቱን ጎን ለጎን በመስኮት ብርሃን ታስቀምጣቸው። ለብቻው ሲታይ ድብዘዛ አይታወቅም፤ ጎን ለጎን ሲሆን ግን ወዲያው ይለያል። ድንጋዩ ቀድሞ በአልኮል ይጠረግ፤ አልማዝ ቅባት በጣም ይወዳል፤ የእጅ ቅባት ደመና ሊመስል ይችላል።

---

ድንጋይ ጠራቢ (ወገል ጤና)

ስለ ጥላው የተናገርኩት ስሕተት መሆኑን ተቀብያለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ነገር ግን አንድ የምጨምረው አለኝ። ኩሽኑ ትንሽ ሆኖ የሚታየው ለምን እንደሆነ ማንም አልመለሰም። እኛ ዘንድ ድንጋይ በግራም ሲሸጥ ጠራቢው ሆዱን ወፍራም አድርጎ ይተወዋል፤ ክብደቱ እንዳይቀንስ። አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው፤ ያ ክብደት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ልኩን ስትጽፍ ርዝመቱንና ስፋቱን ብቻ ነው የጻፍከው፤ ጥልቀቱንም እየው።

---

የፒያሳ ልጅ (ደሴ)

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። የኩሽኑ ጥልቀት 3.9 ሚሊ ሜትር፣ የኦቫሉ 3.5 ሚሊ ሜትር ነው። ማለትም የኩሽኑ ጥልቀት ከስፋቱ ወደ 70 በመቶ፣ የኦቫሉ ወደ 62 በመቶ ይጠጋል። ከላይ ሲታይ ያለውን ስፋት ሳሰላ ኦቫሉ ወደ 35 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ኩሽኑ የማዕዘኖቹ መጠጋጋት ተቀንሶ 30 ገደማ ነው።

---

ከኮምቦልቻ

ጋሼ በትክክል ነው ያገኙት። ብዙ ኩሽን ጥልቅ ሆኖ ይቆረጣል፤ ያልተጠረበውን ድንጋይ ብዙ ስለማያባክን ለጠራቢው ያዋጣዋል። ለገዢው ግን የከፈለበት ክብደት ከታች ተቀምጦ በጣት ላይ አይታይም። ኦቫሉ ትልቅ ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። የሚያስጠነቅቅ ነገር ቢኖር ስፋትን ብቻ አሳድዶ ቀጭን ድንጋይ መግዛት ነው፤ በጣም የቀጠነ ኦቫል ብርሃኑ በታች ይሾልክና ከመሐሉ የጣትህ ቆዳ ይታያል። 62 በመቶ ግን የሚያሳስብ አይደለም።

ስለ ቀለሙ ደግሞ፣ ኩሽን ቀለምን ወደ ውስጡ ይሰበስባል የሚባለው እውነት ነው፤ ስለዚህ ነው ቢጫ አልማዝ ብዙ ጊዜ በኩሽንና በራዲያንት ቅርጽ የሚቆረጠው። ኤች በቢጫ ወርቅ ላይ ችግር ይሆናል ብዬ ግን አላምንም። በነጭ ወርቅ ላይ ቢሆን አስብበት እል ነበር።

---

አንጥረኛው (ደሴ፣ ሸዋ በር)

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ልጄ እያነበበልኝ ነው፤ እኔም እየነገርኩት ይጽፋል። ስለ ብልጭታው የተባለውን ሁሉ አልቃወምም። ቀለበቱን የሚሠራው ሰው የሚያየው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ማንም አላነሳውም።

ኤመራልዱ ማዕዘን ላይ ላባ አለው ብለሃል። ላባ ማለት ስንጥቅ ነው። አልማዝ ጠንካራ ነው ሲባል ሰው መዶሻ የሚችል ይመስለዋል፤ አልማዝ አይጫርም እንጂ በተወሰነ አቅጣጫ ቢመታ ይሰነጠቃል። እኔ ድንጋዩን ቀለበት ላይ ስተክል አራቱን ጥፍሮች በአራቱ ማዕዘኖች ላይ አጥፌ እጫናለሁ። ስንጥቁ ጥፍሩ በሚጫንበት ማዕዘን ላይ ከሆነና እስከ ገጹ ድረስ ከወጣ፣ በምጫንበት ጊዜ እጄ ላይ ሊሰበር ይችላል። ኤመራልድ ቁርጥ ማዕዘኑ መቆረጡ ያግዛል፤ ግን ዋስትና አይሆንም። እንዲህ ያለ ድንጋይ የሚያመጣልኝ ሰው ካለ አስቀድሜ በመነጽር አየዋለሁ፤ ካልወደድኩትም አልተክለውም።

ኦቫሉ ላይ ያለው ክሪስታል ጫፉ ጋ ነው ብለሃል። እሱ መልካም ዕድል ነው፤ አንዱን ጥፍር እዚያ ላይ ባሳርፈው ከነጭራሹ አይታይም። ክሪስታል እንደ ስንጥቅ ስላልሆነ መጫኑን አልፈራውም። ኦቫል የሚፈልገው ሁለቱ ጫፎቹ እንዲጠበቁለት ነው፤ ስድስት ጥፍር ብሠራለት እመርጣለሁ።

---

የወልድያዋ

አባባ፣ በዚሁ አጋጣሚ አንድ ልጠይቅዎት። የእኔን ነጥብ በጥፍር መሸፈን ይቻላል?

---

አንጥረኛው (ደሴ፣ ሸዋ በር)

ልጄ፣ ነጥቧ መሐል አካባቢ ከሆነች አይቻልም። ጥፍር የሚሸፍነው ጠርዝ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ዙሪያውን በወርቅ ከንፈር ብከብበው እንኳ መሐሉ ክፍት ነው። ሆኖም ደሴ ስትመጪ አምጪውና ልየው፤ ከድንጋዩ ሥር የተጠራቀመ ሳሙናና ቅባት ካለ ነጥቧን አጉልቶት ሊሆን ይችላል፤ እሱን ማጽዳት ቀላል ነው።

---

የፒያሳ ልጅ (ደሴ)

የአክስቴ ልጅ ትናንት ተመልሳ ሄዳ ሦስቱንም እንደገና አይታቸዋለች፤ ያየችውን በዝርዝር ላካፍላችሁ።

ሻጩ ድንጋዮቹን ከመብራቱ ሥር አውጥቶ ወደ በሩ አጠገብ እንዲያመጣላት ስትጠይቀው መጀመሪያ አልፈለገም ነበር፤ በኋላ ግን ፈቀደ። ኤመራልዱን በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ያለ መነጽር ስታየው ነጥቡን ወዲያው አገኘችው። ዘንበል ስታደርገው በአንድ በኩል ሁለት፣ በሌላው በኩል አራት ሆኖ ታያት፤ ልክ የወልድያዋ እንዳለችው ማለት ነው። ላባውን በመነጽር ስትፈልገው ማዕዘኑ ጠርዝ ላይ ደርሷል ብላለች። ይህን ድንጋይ ትተነዋል።

ኩሽኑን ከቪኤስ1 ኩሽን ጎን አድርጋ አየችው። እሷ እንዳለችው ልዩነት አለ፤ ግን ትንሽ ነው። የእኛው ውሃ የነካው መስተዋት ይመስላል ስትል፣ ሻጩ ግን ልዩነቱ የመጣው ከቀለሙ እንጂ ከደመናው አይደለም ብሏታል፤ ምክንያቱም ያኛው ቀለሙ ኤፍ ነበር። ያው ቀለም ያለው ሊያገኝላት አልቻለም።

ኦቫሉ ላይ ጥላው በካሜራ ከሚታየው በጣም ያነሰ ነው። ስታዘነብለው አንደኛው ክንፍ ሲበራ ሌላኛው ይጨልማል፤ ቀጥ አድርጋ ራሷን ወደ ኋላ ስታርቅ ሁለቱም ይከፈታሉ። ጫፉ ላይ ያለውን ክሪስታል ያለ መነጽር አላገኘችውም። ስለዚህ ወደ ኦቫሉ አዘንብለናል።

---

ከኮምቦልቻ

የአክስትህ ልጅ ጥሩ ዓይን አላት። ስለ ኦቫሉ በጻፍከው ረክቻለሁ። ስለ ኩሽኑ ግን ሻጩ ያለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ የኤፍና የኤች ልዩነት ጎን ለጎን ሲሆን ይታያል። ደግሞ ቢጫነትና ጉም ለዓይን ተቀራራቢ ናቸው። በሩቅ ሆኜ ልፈርድበት አልችልም።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት የአክስትህ ልጅ በመነጽር የኦቫሉን ወገብ፣ ማለትም የላይኛውና የታችኛው ገጾች የሚገናኙበትን ዳር፣ ዙሪያውን ትመልከት። በወረቀቱ ላይ ቁጥሩ በጨረር ተጽፎበታል የሚል ካለ፣ ያ ቁጥር ድንጋዩ ወገብ ላይ በጥቃቅን ፊደል መነበብ አለበት። ወረቀቱና ድንጋዩ አንድ መሆናቸው የሚታወቀው በዚያ ነው። ቁጥሩን በጂአይኤ ድረ ገጽ አስገብታም የ7.9 በ5.6 ልኩን ታስተያይ።

---

ድንጋይ ጠራቢ (ወገል ጤና)

እኔ ግን በአንድ ነገር አልስማማም። ያ ጥላ ቢከፈትም ባይከፈትም፣ ሙሽራዋ ጣቷን ዘርግታ ስታይ የምታየው በራሷ ጭንቅላት ሥር ነው። ሁልጊዜ ታየዋለች ማለት ነው። እኔ ብሆን ኖሮ ጥላ የሌለበትን ኦቫል እስካገኝ ድረስ እጠብቅ ነበር።

---

ከኮምቦልቻ

ጋሼ፣ ጥላ ከነጭራሹ የሌለበት ኦቫል እኔ በዓመታት ውስጥ ያየሁት እጅግ ጥቂት ነው፤ ከእነዚያም ውስጥ አብዛኞቹ ሁሉም ቦታ እኩል ነጭ ሆነው ደብዘዝ ያሉ ነበሩ። ጨለማ ከሌለ ብርሃኑም ጎልቶ አይታይም። ቢሆንም ይህ የዓይን ምርጫ ነው፤ ጨርሶ የማይወዱት ገዢዎችም ነበሩን።

---

አንጥረኛው (ደሴ፣ ሸዋ በር)

ልጄ፣ ኦቫሉ ሲመጣ ሳትጠራጠር ከነወረቀቱ አምጣው። ከመትከሌ በፊት ክሪስታሉ የትኛው ጫፍ ላይ እንዳለ በሥዕሉ ላይ አብረን እናያለን፤ የሙሽራዋንም የጣት ልክ አትርሳ።

---

የፒያሳ ልጅ (ደሴ)

እሺ አባባ። ቁጥሩ በወገቡ ላይ መነበቡን ዛሬ ማታ ትነግረኛለች፤ ሲረጋገጥ እዚሁ እጽፋለሁ።